«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለ በኋላ ምን ይጻፋል? ለበኩር ልጅ ወላጆች የሚላክ የደስታ መልእክት አጻጻፍ

በመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ለስጦታ ገንዘብ ተዋጣ፤ ካርዱን የመጻፉ ነገር ግን «አንተ ጽሑፍ ትችላለህ» ተብሎ እኔ ላይ ወደቀ። ምሳ ሰዓቴን ሠውቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሕይወትሽ አዲስ ምዕራፍ የከፈተችውን ውብ ልዕልትሽን አስመልክቶ የተሰማንን ወሰን የለሽ ደስታ ስንገልጽልሽ ታላቅ ክብር ይሰማናል።»

መዝገብ ቤት የሚሠሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ይኼ ለሕንፃ ምረቃ የተጻፈ ነው?» አሉኝ። «አምጣ የወለደችው እሷ ናት። እንኳን ተረፍሽልን የሚላት ቃል የታለ?»

ካርዱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያን ካርድ ስንጽፍ የሄድንበት መንገድ ነው። ለስልክ መልእክትም ሆነ ለካርድ ይሠራል።

አንደኛ፦ ከመጻፍዎ በፊት ይጠይቁ

የልደት ዜና ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰን። «ወለደች» ይባላል፤ እናቲቱ እንዴት እንደሆነች፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይሁን ማሞቂያ ክፍል ይግባ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ማንኛውም ቃል ከመላኩ በፊት ለቅርብ ዘመድ ወይም ለእህት አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ «በሰላም ተገላገለች? ልጁም ደህና ነው?» ጥያቄው ለአራሷ አይቅረብ፤ ለባሏም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ባይቀርብ ይሻላል፤ እሱ በዚያ ሰዓት በሐኪም ቤትና በቤት መካከል እየተመላለሰ ነው።

በዚያው አጋጣሚ ሁለት ነገር ይወቁ። አንዱ የልጁ ጾታ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ያለ ጾታ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን በቀላሉ አያስኬድም። ሁለተኛው የቤቱ ሃይማኖት ነው። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስም አይቶ ገምቶ የሚሳሳት ግን ሞልቷል። ስሙን መጠየቅ ግን አያስፈልግም። በኦርቶዶክስ ቤት ክርስትና የሚነሣው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፤ የክርስትና ስሙም ያኔ ይወጣል። በሙስሊም ቤት ደግሞ በብዛት በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሲደረግ ነው ስም የሚሰጠው። «ስሟን ማን አላችኋት?» የሚል መልእክት በሁለተኛው ቀን ሲደርስ፣ ገና በስም ለሚከራከሩ አያቶች ሌላ የክርክር በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፦ የመክፈቻውን ቃል ይምረጡ

በእኛ ዘንድ ለወላድ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ስለ ልጁ አይደለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው አባባል ሕፃኑን ጭራሽ አያነሣውም። ምጥ ሞት ያለበት መንገድ ነው፤ ከዚያ መንገድ ምሕረት አግኝታ የተመለሰችው እናት ናት፤ ስለዚህ እንኳን ደስ ያለሽ ከመባሏ በፊት እንኳን ተረፍሽ ትባላለች። የእትዬ ቁጣ ይህ ነበር። ልጁን አስቀድሞ እናቲቱን የሚረሳ መልእክት የቱንም ያህል ቢያጌጥ ለአማርኛ ጆሮ ጎዶሎ ሆኖ ይሰማል።

ለኦርቶዶክስ እናት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ለሙስሊም እናት «እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ» ወይም «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ይባላል። ለፕሮቴስታንት እናት «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አገላገለሽ» ወይም «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ይጻፋል። ሃይማኖቷን በእርግጠኝነት ካላወቁ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ማንንም አያስከፋም፤ አልቀዘቀዘምም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት በተደጋጋሚ አያለሁ። አንደኛው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለውን ከወለደች በኋላ መላክ ነው። ይህ ምርቃት የነፍሰ ጡር ነው፤ ልጇን ታቅፋ ለተኛች ሴት ሲደርስ ላኪው የሰማውን ወሬ በቅጡ እንዳላዳመጠ ያሳብቃል። ሁለተኛው የእኔው ነው። ጓደኛዬ አባት በሆነ ጊዜ በደስታ ተቻኩዬ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» ብዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ እንዲህ ነበር፦ «ያማጠችው እኮ ባለቤቴ ናት።» ለአባት የሚባለው «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ነው። ያቺ «ል» ምሕረቱን ለሚስቱ፣ ደስታውን ለሁለቱም ትሰጣለች። «እንኳን ደስ ያለህ» ማለትም ለእሱ ይበቃል።

አሁን ወደ ካርዱ ልመለስ። ባልደረባችን ኦርቶዶክስ ስለሆነች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ጀመርኩ። ከአሥራ አንዳችን መካከል ግን ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች አሉ፤ አንደኛው «እሷን ደስ ቢላትም እኔ በእምነቴ የማልለውን ቃል አልፈርምበትም» አለኝ። እውነቱን ነው። በግል መልእክት የሚመራን የተቀባይዋ እምነት ነው፤ በጋራ በሚፈረም ካርድ ግን ፈራሚዎቹም ይታሰባሉ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ የጋራው ጽሑፍ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ብሎ ይከፍታል፤ ከሥር ባዶ ቦታ ይተውና እያንዳንዱ በእጁ ጽሕፈት የራሱን ምርቃት ያክላል።

ሦስተኛ፦ ለልጁ ይመርቁ፤ ግሡን ግን ደግመው ይዩት

ከመክፈቻው ቀጥሎ ለሁለቱ ወላጆች «እንኳን ደስ ያላችሁ»፣ ከዚያ ለልጁ ምርቃት ይመጣል። አንድ ምርቃት ይበቃል፤ ሁለት ከሆነ አይከፋም፤ ከዚያ ካለፈ የሽማግሌ ንግግር ይሆናል። «ያሳድግላችሁ» የሁሉ እናት ነው። «ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ»፣ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ»፣ «ደህና ሰው ያድርግላችሁ» ከጎኑ ይቆማሉ። በሙስሊም ቤት «አላህ ያሳድግላችሁ፤ ሷሊሕ ልጅ ያድርግላችሁ» ይባላል። «እደግ ተመንደግ» የሚለውን ለአያቶች ይተዉት፤ እኩያ ሲጽፈው የተዋሰው ካባ ይመስላል።

የሚያሰናክለው ግሡ ላይ ነው። የምርቃቱ ባለቤት እግዚአብሔር ከሆነ «ያሳድግላችሁ» ነው፤ ማርያም ከሆነች «ታሳድግላችሁ» ይሆናል። «ማርያም ያሳድግልሽ» የሚል መልእክት በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ ሰዎቹ አንዱን ምርቃት ከሌላው ጋር ሲያጋጩ የሚፈጠር ነው። ልጁን የሚያመለክተው መድረሻም እንዲሁ ነው፤ ለወንድ «ያሳድገው»፣ ለሴት «ያሳድጋት»። ጾታውን ካላወቁ ደግሞ መውጫው እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። «ልጃችሁን ያሳድግላችሁ» ሲሉ ወንድም ሴትም ሳይሉ ጨርሰዋል። መንታ ከሆኑ «ያሳድግላችሁ» እንዳለ ይቆያል፤ «ልጃችሁን» ብቻ «ልጆቻችሁን» ይሆናል።

ሌላው ጥንቃቄ ከነጠላ ወደ ብዙ የሚደረገው ሽግግር ነው። መክፈቻው ለእናቲቱ ብቻ ስለሆነ «ሽ» ይላል፤ ከዚያ ባልየው ሲገባ «አችሁ» ይመጣል። ሽግግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ያሳድግልሽ፤ ቤታችሁ ይባረክ» የሚል ጽሑፍ ባልየውን ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል፣ እንደገና ያስገባዋል። ለአለቃዎ ወይም በዕድሜ ለሚበልጥዎ ሰው ከሆነ «እንኳን ማርያም ማረችዎት»፣ «ያሳድግልዎ» ብለው በአክብሮት ይጀምሩ፤ እስከ መጨረሻውም አንቱታውን ይዘው ይሂዱ።

አራተኛ፦ የራስዎ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ

እስካሁን የጻፍነው የሁሉም ሰው ነው፤ መልካምነቱም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ቃል ሲልክ የእርስዎን የሚለየው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስለ ስሜትዎ ከመጻፍ የምታደርጉትን ነገር መጻፍ ይበልጣል። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚለው ደግ ይመስላል፤ ግን ሥራውን መልሶ ለአራሷ ይሰጣታል። እሷ አስባ፣ ሰውን ማስቸገር እንዳይሆንባት ተሳቅቃ፣ መጨረሻ ላይ «ምንም አልፈልግም፣ ተባረክ» ብላ ትጽፋለች።

በምትኩ ዕቃውን፣ ቀኑንና መንገዱን ይጻፉ። በእኛ ካርድ ላይ ይህን ያመጣችው የሥራ ክፍላችን ልጅ ናት፦ «ቅዳሜ ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ እመጣለሁ፤ ለእናትሽ በር ላይ ሰጥቼ እመለሳለሁ።» እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ምን እንደሚመጣ ይታወቃል፤ መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ እንግዳ ለመቀበል መነሣት እንደማያስፈልግ ይታወቃል። የመጨረሻዋ ነገር ትልቁ ስጦታ ናት። አራስ ቤት ለወጉ ያህል እንግዳ ይበዛበታል፤ የበኩር ልጅ ሲሆን ደግሞ እናቲቱ ገና ማጥባት እየተማረች ነው፤ ሰው ፊት ልጇን ጡት ማስያዝ ሲያቅታት የሚሰማትን ያየ ያውቀዋል።

«ገንፎ ልበላ እመጣለሁ» የሚለው ቀልድ ለቅርብ ጓደኛ ያምራል፤ የአራስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ የማይናፍቀው ማን ነው? ግን ገንፎውን የሚያገነፋላት እናት ወይም እህት ቤት ውስጥ መኖሯን ያረጋግጡ። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት የወለደች ሴት ብዙ ጊዜ የሚያርሳት ዘመድ አጠገቧ የለም፤ እናቷ ቪዛ እየጠበቁ ነው፤ ባሏ ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ይመለሳል። ለእሷ የገንፎ ቀልድ ናፍቆት ይቀሰቅሳል። እዚያ ያለ ሰው «ማክሰኞ ማታ እራት አመጣለሁ» ቢል፣ እዚህ ያለ ደግሞ «የአጥሚቱን እህል አስፈጭቼ ወንድሜ ሲመጣ እልካለሁ» ቢል ይሻላል።

አምስተኛ፦ የሚወጣውን ያውጡ

ከጻፉ በኋላ ደግመው ሲያነቡ የሚሰርዙት ነገር ይኖራል። «ተከታይ ይስጥሽ» በቅን ልብ የሚባል ነው፤ ቁስሏ ያልደረቀ ሴት ግን እንደ ምርቃት አትሰማውም። ሴት ለወለደች «የሚቀጥለውን ወንድ ያድርግልሽ» ማለት ደግሞ የተወለደችውን ልጅ ጎዶሎ ማድረግ ነው። በብዙ አካባቢ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ የሚባልበት ልማድ እንዳለ አውቃለሁ፤ በጽሑፍ ላይ ግን ቆጥሮ መላክ አያስፈልግም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ተረትም ይቅር። እናት ራሷ ስትለው ጽናት ነው፤ ሌላ ሰው ለተቸገረ ቤት ሲለው ግን እጅን የመሰብሰቢያ ምክንያት ይመስላል። ብዙ ዓመት ልጅ ጠብቀው ላገኙ ባልና ሚስት «ዘገየ እንጂ አልቀረም» አይጻፍ። የጠበቁትን ዓመት እነሱ ቆጥረውታል። «እግዚአብሔር ሰማችሁ» ካሉ ያንኑ ሁሉ በሁለት ቃል ብለዋል።

ስለ መልክም ይጠንቀቁ። ፎቶ ተልኮልዎ ከሆነ «እንዴት ታምራለች!» ብሎ ዝም ማለትን የሚፈሩ ቤቶች አሉ፤ የሰው ዓይን ይባላል። ባያምኑበትም «እግዚአብሔር ይጠብቃት» ወይም «ማሻ አላህ» ማከል ምንም አያስወጣም፤ አያትየዋን ግን ያሳርፋል። ፎቶውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚቻለው ወላጆቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀና ካልሆነ

በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት የሚጻፈው ምንም አይለወጥም፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንዲያውም ለእሷ የበለጠ ይመጥናል። «ምጥ አላየሽም፣ ተገላገልሽ» ብሎ መቀለድ ግን ሆዷ የተሰፋን ሰው ማስቀየም ነው።

ሕፃኑ ማሞቂያ ክፍል ከገባ መልእክቱ ያጥራል። መክፈቻው ለእናቲቱ እንዳለ ይቀመጣል፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለው ለጊዜው ይቆያል፤ ምርቃቱ ደግሞ ስለ ዛሬ ይሆናል፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽን በሰላም ታሳቅፍሽ። ከጎንሽ ነኝ፤ መልስ አልጠብቅም።» ደስታውን ልጁ ቤት ሲገባ በሁለተኛ መልእክት ይላኩት። ያኔ ብዙ ሰው ረስቶ ስለሚሆን የእርስዎ ብቻውን ይደርሳል።

ስድስተኛ፦ ሲልኩ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጽሑፍ ይላኩ፤ አይደውሉ። የተኛች እናት ጽሑፉን ስትነቃ ታነበዋለች፤ የስልክ ጥሪ ግን ይቀሰቅሳታል። ከመላክዎ በፊት ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ «ሽ» እና «ህ» በስልክ ፊደል ገበታ ላይ ሳይታወቅ የሚለዋወጡ ናቸው፤ ዓይን ቢያልፋቸው ጆሮ ይይዛቸዋል።

ተቀባይዋ ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ካለች በተራ የጽሑፍ መልእክት መላክ ይኖርብዎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ወይም ሦስት መልእክት ይታሰባል፤ በአሮጌ ስልክ ላይም ተቆራርጦ ሊደርስ ይችላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንኳን ደስ ያላችሁ። እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ።» ቢቆጠር 46 ነው፤ ስምዎን ጽፈውበት እንኳን ቦታ ይተርፋል። በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አያት መነጽር አድርገው ለሰው የሚያነቡት መልእክት በራሱ ፊደል ቢሆን ይሻላል።

የእኛ ካርድ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ለአንቺም ለባለቤትሽም እንኳን ደስ ያላችሁ። ልጃችሁን በጤና ያሳድግላችሁ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ ይመጣል፤ ለእናትሽ በር ላይ ሰጥተን እንመለሳለን። የሒሳብ መዝገብሽን ተካፍለን ይዘነዋል፤ እስክትመለሺ አታስቢ።»

የመዝገቡን ነገር ያስጨመረው ኃላፊያችን ነው፤ የእሷን ሐሳብ ከማናችንም በተሻለ ያውቀው ነበር። ከሥር እትዬ በሚያምረው ጽሕፈታቸው «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» ብለው ጻፉ። ከጎናቸው «አላህ ያሳድግላችሁ» የሚል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ «ጌታ ቤታችሁን ይባርክ» የሚል ተጨመረ። እኔ ስሜን ብቻ ፈረምኩ፤ የምለውን ብዬ ጨርሼ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከእሷ አጭር መልእክት መጣ፦ «አጥሚቱ ጣፋጭ ነበር። ፔርሙዙ የማን ነው?»